ፌክ የተባለችው የስፌት መኪና

መልእክቱ የመጣው ጠረጴዛ ስር ተኝቼ ነው። ሰክሬ አይደለም፣ ሥራዬ ነው። አምቦ ላይ የስፌት መኪና እጠግናለሁ፣ የታደሰም እሸጣለሁ፤ የእግር መኪና ቀበቶ ደግሞ የሚቀየረው ከስር ተገብቶ ነው። ድሮ ገብቼ እወጣ ነበር። አሁን መግባቱ ላይ ችግር የለብኝም፣ ለመውጣት ግን መጀመሪያ ሆዴና ፔዳሉ መስማማት አለባቸው። ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ ጮኸ፣ እዛው በጀርባዬ እንደተኛሁ አነበብኩት።

«ያወጡት ማስታወቂያ ሐሰተኛ ምርት ሆኖ ስለተገኘ ከገበያችን ተነስቷል። ማስጠንቀቂያ ተመዝግቦብዎታል። ውሳኔውን የሚቃወሙ ከሆነ ማስረጃ አያይዘው አንድ ጊዜ ይግባኝ ማቅረብ ይችላሉ። ይግባኙ ካልተሳካ የሻጭነት ገጽዎ ሊዘጋ ይችላል።»

ብድግ አልኩ። ጠረጴዛ ስር መሆኔን ያስታወሰኝ ግንባሬ ነው።

ገበያ ያልኩት የስልክ ገበያ ነው። ዕቃህን ፎቶ ታነሳለህ፣ ስለ ዕቃው ትጽፋለህ፣ አፑ ላይ ትለጥፋለህ፤ የፈለገ ይደውልልሃል። ያስገባችኝ ባለቤቴ ናት። «አንተ በራፍህ ላይ ቁጭ ብለህ የምትጠብቀው፣ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ ቀሚስ ሊሰፋ ይመስልሃል?» አለችኝና ስልኬን ቀምታ መዘገበችኝ። ከዛ ወዲህ የኔ መኪኖች ጊንጪ ሄደዋል፣ አዲስ ዓለም ሄደዋል፣ ጌዶ ሄደዋል፤ እኔ ራሴ ከዞርኩት በላይ ዞረዋል። የገዙ ሰዎች አስተያየት ይጽፋሉ። አንዷ «ቀልዱ ይበዛል፣ መኪናው ግን ይሠራል» ብላ ጽፋልኛለች። ባለቤቴ ይቺን ለጎረቤት ሁሉ አንብባለች፣ በተለይ የመጀመሪያውን ግማሽ።

ቀልድ በሌለበት ግን አንድ ነገር ልናገር። ፌክ ሸጬ አላውቅም። ስንት ሞኝነት ሠርቻለሁ፣ ይሄን ግን አልሠራሁም። አዲስ አበባ ወርደህ ብትፈልግ የድሮ ስም የተለጠፈባቸው አዳዲስ መኪኖች ሞልተዋል፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ያምራሉ፣ ወፍራም ጨርቅ ሲሰጧቸው ያለቅሳሉ። እኔ ሱቅ አንድም አልገባም። እና አሁን ሐሰተኛ ተብላ የተነሳችው ደግሞ ከሁሉም መኪና ያቺ መሆኗ!

የኦቦ መኪና ናት። ሰፈራችን ውስጥ ኦቦ የሚባል ትልቅ ሰው ብዙ ነው፣ ግን ዝም ብሎ «ኦቦ ጋ ሂድ» ከተባለ እሳቸው ጋ ነው፤ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ። አምቦ ተወልዶ ዩኒፎርሙን እሳቸው ያልሰፉለት ካለ፣ ወይ ሀብታም ነበር ወይ ትምህርት ቤት አልገባም። የኔንም ሰፍተዋል። ቁምጣዬን «ልጅ ያድጋል» ብለው አስፍተው ሰፉልኝ፤ እስካድግ ድረስ አንድ እጄ ሁልጊዜ ወገቤ ላይ ስለነበር መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ እጅ የማወጣው በግራ ነበር።

ዓይናቸው ደከመ። መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባላቸው ሰው መጥራት ሲጀምሩ፣ አንድ ጠዋት መኪናዋን በጋሪ አስጭነው እኔ ሱቅ በራፍ ላይ አወረዱ። ዋጋ አልጠየቁኝም። «ኢልማ ኮ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ለብረታ ብረት ለቃሚ እንዳትሰጣት። ሰው ሳሎን ጌጥ አድርጎም እንዳያስቀምጣት። የሚሰፋባት ፈልግላት።»

«የምትሰፋ ቆንጆ ሴት ብፈልግላትስ?» አልኳቸው።

«እሱን ለሚስትህ እነግርልሃለሁ» አሉና ከበራፌ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። ከዛን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዛው ናቸው። ፀሐይ ልሞቅ ነው ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ መኪናዋን ሊጠብቁ ነው።

ታዲያ መልእክቱን ባነበብኩበት ቀን ኦቦ እዛው አግዳሚው ላይ ነበሩ። ልነግራቸው አልፈለግኩም። ግንባሬን እያሻሸሁ «ምንም አይደለም» ብዬ ወደ ቀበቶዬ ተመለስኩ። ግን የኔ ስልክ የጆሮ ድምፁ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚሠራው በላውድ ብቻ ነው። እኔን የሚፈልግ ሁሉ የሚያወራው ከመንገዱ ጋር ነው። ትንሽ ቆይቶ ጊንጪ ያለችው ልብስ ሰፊ ደወለች። መኪናዋን አፑ ላይ አይታት፣ ወድዳት፣ ቅዳሜ መጥቼ አያታለሁ ብላኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጋሼ፣ ያቺ መኪና ጠፋችብኝ እኮ። ስከፍተው ሐሰተኛ ምርት ስለሆነ ተነስቷል ይላል። ፌክ ናት እንዴ?»

ስልኩን ጨርቅ ውስጥ ልጠቀልለው ሞከርኩ። ጨርቅ ውስጥ ሆናም ድምፅዋ ይሰማል።

«ኧረ ስህተት ነው! ይስተካከላል፣ አትቸኩዪ።»

«እሺ፤ ግን ጋሼ፣ ካልተስተካከለ ቅር እንዳይልዎት፣ እኔ እንጀራ የምበላው በሱ ነው...»

ዘጋሁት። ቀና ስል ኦቦ ከአግዳሚው ተነስተው ቆመዋል። ዱላቸውን አልያዙም።

«ማነው ፌክ?»

«ኦቦ፣ ይቀመጡ፣ የኮምፒውተር ስህተት ነው።»

«እኔ ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም። ማነው ፌክ? መኪናዋ ናት?» ድምፃቸው ቀጠነ። «ዕድሜዬን ሙሉ በፌክ ነው የሰፋሁት? ይሄ ሁሉ ሰው የለበሰው ፌክ ነው?»

«አይደለም እኮ...»

«ሰዉ ሰምቷል።» እውነታቸውን ነው። ማዶ ያለው ቡና ቤት ድረስ ሰምቷል። «እንግዲህ አንተ አፍህ ረጅም ነው፣ ሁሉን ታስቃለህ። ይሄን ግን በሳቅ አታልፈውም። የጻፉትን እንዲያነሱ ጻፍላቸው።»

እና ዱላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማግስቱን አልመጡም። አግዳሚው ባዶውን ሲቀር ያን ያህል ረጅም መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

እኔም ጻፍኩ። ማመልከቻ መጻፍ መቼ ያቅተኛል! አባቴ ለመሬት ሲከራከር ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡ ጸሐፊዎች አጠገብ ነው ያደግኩት። «ለተከበረው የድጋፍ ክፍል፣ ጉዳዩ፦ ያለ ጥፋቴ ስሜ ስለጠፋብኝ ፍትሕ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርኩ። ትውልዴን ጻፍኩ። ቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኔን ጻፍኩ። ስለ ከተማችን ፍል ውኃ ሳይቀር አንድ ሁለት ቃል ጣል አደረግኩ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው ልቡ እንዲራራ። ከዛ ምሳ ሰዓት ላይ ባለቤቴ መሥሪያ ቤት ሄድኩና አነበብኩላት። እሷ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስትከፍትና ስትዘጋ ነው የምትውለው።

ሽሮዋን እየበላች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«መኪናዋ የት አለች?»

«የቷ መኪና?»

«ፌክ የተባለችው ናታ! ይሄን ሁሉ አንብበህ ስለ መኪናዋ አንድ ቃል አልሰማሁም።»

«እሷማ ወደ ኋላ ትመጣለች።»

«ወደ ኋላ ማንም አያነብም። እኔ እንኳን የማነበው ደሞዝ ተከፍሎኝ ነው፣ እሱንም ሦስተኛው መስመር ላይ ያመልጠኛል።» እጇን ታጥባ ስልኬን ወሰደችና የይግባኙን ሳጥን ከፈተች። ጽሑፌን ገለበጠችበት። ሳጥኑ ልክ ነበረው ለካ፤ የኔ አቤቱታ ፍል ውኃው ጋ ሲደርስ ተቆረጠ።

«እንኳንም ተቆረጠ» አለች። «አሁን ንገረኝ። ለምን ፌክ አሏት?»

«ስለማያውቁ!»

«አንተ ሰውዬ፣ እንደሱ አይመለስም። አንድ ነገር አይተዋል። እነሱ ያዩት ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶውን አምጣ።»

አመጣሁ። እሷ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የፋብሪካውን የድሮ መኪና ፎቶ ፈልጋ አወጣች፤ ተመሳሳይ ሞዴል፣ የአውሮፓ ሰዎች ሙዚየም ውስጥ እንደ ታቦት ያስቀመጡት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው።

«የኔ ጌታ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ አደይ አበባ ምንድነው?»

እንግዲህ እዚህ ላይ የኛን አገር ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ጋ አሮጌ መኪና እንዲሁ አይሸጥም። ይታጠባል፣ ዘይት ይጠጣል፣ የተላጠው ቀለም ይነካል፤ ልክ ሙሽራ እንደሚዳር ነው። የኦቦ መኪና ክንድ ላይ የነበረው የፋብሪካ ስም በዘመን ብዛት በእጅጌያቸው ተፈትጎ ጥላው ብቻ ነው የቀረው። ያለ ስም ልድራት? የሚኒባስና የሱቅ ታፔላ የሚጽፈው ሠዓሊ ጓደኛዬ ነው፤ ጠራሁት። የወርቅ ቀለም ይዞ መጣ። ጥላውን ተከትሎ ስሙን ጻፈ። ግን ሠዓሊ ነውና ጥላ ብቻ ተከትሎ አይቆምም። የመጨረሻዋን ፊደል ጭራዋን እንደ ሚኒባስ ላይ ጽሑፍ አድርጎ አጥፎ ጎተታት። ፋብሪካው የሐረግ ቅጠል የሳለበት ቦታ ላይ ደግሞ ሐረጉ ስለማይታይ ሦስት አደይ አበባ ደፍቶበታል። እኔ ቆሜ ሳይ «ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!» ነው ያልኩት። አምሮ ታይቶኝ ነው። ፎቶዋን ያነሳሁትም አበባው በደንብ እንዲታይ ተጠግቼ ነው።

ባለቤቴ ሳቅ ጀመራት። መጀመሪያ በትከሻዋ ብቻ ነበር፣ ከዛ መዝገብ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«አውሮፓ ውስጥ አደይ አበባ የሚያበቅል ፋብሪካ! እነሱ ምን ያድርጉ? እኔም ብሆን አነሳዋለሁ!»

«ግን መኪናዋ ኦሪጅናል ናት።»

«አውቃለሁ። ታዲያ እሱን ነዋ የምንጽፈው።»

ከሰዓት በኋላ ሠዓሊው ጋ ሄጄ ነገርኩት። ተቆጣ።

«እኔ አሳመርኩልህ እንጂ አበላሸሁብህ? የነሱ ቅጠል ከኔ አበባ ይበልጣል?»

«አይበልጥም። ግን የኛ አበባ የነሱ ፊርማ ላይ ነው ያረፈው።»

ትንሽ አሰበ። «ቀላል ነው። መኪናዋን አዙረህ በጀርባዋ በኩል አንሳት፣ ስሙ ላይ ጨርቅ ጣል አድርግ፣ እንደ አዲስ ለጥፋት። ማን ያውቃል?»

እውነቱን ልናገር፣ ይሄ ሐሳብ ጣፈጠኝ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ለባለቤቴ ስነግራት የአፑን ደንብ አውጥታ አነበበችልኝ፤ የተነሳን ዕቃ ይግባኙ ሳይወሰን እንደገና የለጠፈ ገጹ ይዘጋል ይላል። «እና ደግሞ» አለች፣ «ጨርቅ የሚሸፍን ሰው የሚሸፍነው ነገር ስላለው ነው ይባላል።» ከሷ በላይ ሐሳቡን ያስጣሉኝ ግን ኦቦ ናቸው። እቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ከሩቁ ጀምሬ፣ በጨርቅ ብንሸፍናትስ ስላቸው ከመደባቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሞተች እንዴ?»

«አልሞተችም።»

«ታዲያ ለምን ትሸፍናታለህ? አልሰረቅኳት። ደረሰኟ አለኝ። ግልጥልጥ አድርገህ አሳያቸው፣ አበባህንም ጭምር።» ተነሱና ከሣጥናቸው ስር ለዘመናት የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ወርደው ከአስመጪው ሱቅ ሲገዟት የተሰጣቸው ነው። ስማቸው፣ የመኪናዋ ቁጥር፣ የሱቁ ማኅተም። እኔ በዛ ወረቀት ላይ እንዳላስነጥስ አፍንጫዬን ይዤ ነው ፎቶ ያነሳሁት።

ያን ቀን ማታ ራት በልተን ሁለታችን ደብዳቤውን ጻፍን። ጻፍን አልኩ እንጂ እኔ ስጽፍ እሷ ስትሰርዝ ነው። እኔ «ክቡራን» ስል እሷ ሰረዘች። «በእንባ» ስል ሰረዘች። «መቼ አለቀስክ?» አለች። «ግንባሬን ስመታ» አልኳት፤ እሱንም ሰረዘች። የቀረው ይሄ ነው፤ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፦

«የማስታወቂያው ቁጥር ከላይ ተጠቅሷል። የተነሳው ዕቃ ያገለገለ የእግር ስፌት መኪና ነው፤ አዲስ ነው ብለን አልሸጥንም። በፎቶው ላይ የሚታየው ስምና አበባ የፋብሪካው አይደለም፣ የፋብሪካው ጽሑፍ ስለተላጠ በእጅ የተቀባ ነው። ይህን በማስታወቂያው ላይ ባለመግለጻችን ስሕተቱ የኛ ነው። መኪናው ራሱ ግን የፋብሪካው ነው። ማስረጃ፦ አንደኛ፣ ከመቀባቱ በፊት የተነሳ ፎቶ። ሁለተኛ፣ ብረቱ ላይ የተመታው የፋብሪካ ቁጥር። ሦስተኛ፣ በእግሩ ብረት ላይ አብሮ የተቀረጸው የፋብሪካ ስም። አራተኛ፣ ይኸው ቁጥር ያለበት የባለቤቱ የግዢ ደረሰኝ። ባለቤቱ እንድንሸጥላቸው ፈቅደዋል። ማስታወቂያው እንዲመለስና ማስጠንቀቂያው እንዲነሳ እንጠይቃለን። ሲመለስ "ጽሑፉ በእጅ የታደሰ" ብለን እንጨምራለን።»

ከመቀባቱ በፊት የተነሳው ፎቶ ከየት መጣ ብትሉ፣ እኔ ሱቅ የገባ መኪና ሁሉ መጀመሪያ ፎቶ ይነሳል። ብልጥ ስለሆንኩ አይደለም። ሰው መኪናውን አስጠግኖ ሲወስድ «ይሄ ብሎን የኔ አይደለም» ማለት ይወዳል፤ ለብሎን ጠብ ያነሳሁት ነው።

አነበብኩት። አጭር ነው፣ ደረቅ ነው፣ አንድም ቀልድ የለበትም። ግን ሳነበው ደረቴ ሞላ። ምክንያቱም እያንዳንዱ መስመር እውነት ነው፣ የሚያሳፍረውም ጭምር። «ላኪው» አልኳት። ላከችው። ወዲያው «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ።

«አየሽ? በሰከንድ ተቀበሉን!» አልኩ።

«ማሽን ነው እሱ» አለች። «ተኛ።»

ከዛ ዝም። ቀን አለፈ፣ ሌላም ቀን። እኔ ስልኬን እንደ ሕፃን ይዤ ወጣሁ፣ ገባሁ። ቡና ቤት ያሉት «ፌኩ ሰውዬ መጣ» ይሉኛል። እኔም «ኮፒ ነኝ፣ ኦሪጅናሉ ቀጭን ነበር» እላቸዋለሁ። በኔ ቢቀልዱ ይቻላል። አንዱ ግን «የኦቦ መኪና እኮ...» ብሎ ሲጀምር ብርጭቆዬን አስቀመጥኩና አየሁት። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

በመጨረሻ የሰው እጅ የጻፈው መልስ መጣ። አንዲት የድጋፍ ክፍል ሠራተኛ ናት፣ በጨዋነት። ሁለት ነገር ጠየቀች። አንድ፣ የፋብሪካው ቁጥር ፎቶ ላይ አይነበብም፣ ጥርት ያለ ይላኩ። ሁለት፣ «በደረሰኙ ላይ የገዢው አድራሻ ሀገረ ሕይወት ይላል፤ እርስዎና ዕቃው ያላችሁት ግን አምቦ ነው። እባክዎ ያብራሩ።»

ይሄኛውን ለኦቦ ራሴ አነበብኩላቸው፤ ላውድ ላይ ሳይሆን በአፌ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣

«አሁን ደግሞ ከተማዋም ፌክ ሆነች?» አሉ።

መጀመሪያ መቆጣታቸው መስሎኝ ነበር። ግን ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ ነው። ከነገሩ ወዲህ የመጀመሪያው። «ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ልጅ ናት» አሉ። «አስረዳት። ያኔ ስሟ እሱ ነበር በላት። እኛም እሷም ወዴትም አልሄድንም።»

ቁጥሩን ለማንሳት ኦቦ ራሳቸው መጡ። የድሮ መኪና ቁጥር ብረቱ ላይ የተመታ ስለሆነ ዘይትና ጥቁር ቀለም ሲሞላው አይታይም። በነዳጅ አጠብኩት፣ ከዛ ጠመኔ ፈጭቼ አሸሁበትና ላዩን ጠረግኩት፤ ነጩ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቶ ቁጥሩ እንደ ጥርስ ፈገግ አለ። ኦቦ ቁጥሩን ማየት አልቻሉም። በጣታቸው ሊነኩት ሲሉ «ኧረ ኦቦ፣ ጠመኔው!» ብዬ ጮህኩ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፣ ቁጥሩን ግን በቃላቸው ነገሩኝ። ከደረሰኙ ጋር አስተያየሁት። ልክ ነው።

ለሠራተኛዋ መልስ ጻፍኩ። ይሄን ብቻዬን ነው የጻፍኩት፣ ባለቤቴም አልሰረዘችውም፦ «ጥርት ያለው ፎቶ ተያይዟል። ሀገረ ሕይወት የአምቦ የቀድሞ የመንግሥት ስሟ ነው፣ በድሮ ወረቀቶች ላይ አሁንም ይገኛል። ቦታው አንድ ነው።» አንድ ቀልድ ልጨምር እጄን በላኝ። ያዝኩት።

መልሱ የመጣው ጠዋት ነው፣ ሱቁ በራፍ ላይ፣ ኦቦ አግዳሚያቸው ላይ ሳሉ። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ማዶ ያሉትም እንዲሰሙ፦

«ያቀረቡትን ማስረጃ መርምረናል። ዕቃው ሐሰተኛ ምርት አለመሆኑን አረጋግጠናል። ማስታወቂያዎ ተመልሷል፣ ማስጠንቀቂያውም ተነስቷል። ስለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«ድገመው» አሉ።

ደገምኩት።

«አሁን በኦሮምኛ።»

በኦሮምኛም አልኩት። «ይቅርታ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዴ ብቻ። ከዛ ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ወደ ቡና ቤቱ አቅጣጫ ዞረው ተቀመጡ፤ እስከዛሬ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚቀመጡት። ወዲያው አንድ ሁለት ሰው እየተሻገረ መጣ፣ «ኦቦ፣ አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ» እያለ። እሳቸው ሁሉንም በደንብ እጅ ነሱ፣ ስለ መኪናዋ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ኩራት እንደዛ ነው እንግዲህ። እኔ ብሆን መልእክቱን አሳትሜ ግንባሬ ላይ እለጥፈው ነበር፤ ቦታ ደግሞ አለ፣ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ነው።

ማስታወቂያው ላይ «ጽሑፉና አበባው በእጅ የታደሰ፣ መኪናው ኦሪጅናል» ብዬ ጨመርኩ። ለጊንጪዋ ልብስ ሰፊ ደወልኩላት። ቅዳሜ በአውቶቡስ መጣች፤ ጠይም፣ ጣቶቿ በመርፌ የተወጉ፣ የምር የምትሰፋ ሴት። ኦቦን ስታይ ጎንበስ ብላ ሰላም አለች። እሳቸው ስሟን ሳይሆን ሥራዋን ጠየቁ፦

«ምን ትሰፊያለሽ?»

«የተማሪ ዩኒፎርም፣ አባባ። የሠርግ ቀሚስም ሲገኝ።»

«ቁምጣ ስትሰፊ ታሰፊያለሽ ወይስ ታጠብቢያለሽ?»

«አሰፋለሁ፣ ልጅ ያድጋል።»

እኔን አዩኝ። እኔ ወደ ጣሪያ አየሁ።

ክሩን እሷ አስገባችው። ከዛ ኦቦ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ጨርቁን በመዳፋቸው ዳስሰው አስተካከሉና ፔዳሉን ረገጡ። ያ ድምፅ! እኔ በልጅነቴ ቁምጣ ይዤ ስጠብቅ የሰማሁት ድምፅ ነው። ዓይናቸው ወደ በሩ ነው የሚያየው፣ ጨርቁን አያዩትም። ሲጨርሱ ስፌቱን ለልጅቷ ሰጧት። ወደ ብርሃን ወስዳ አገላብጣ አየችው። በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት። ከዛ ብሩን ልታወጣ መቀነቷን ፈታች።

መናኸሪያ ድረስ ሁላችንም ሄድን፤ መኪናዋ በጋሪ፣ እኛ በእግር። ሠዓሊውም መጣ። ጫኙ ልጅ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ቆሞ በገመድ ሲስባት የብረት እግሯ ከመሰላሉ ጋር ተጋጨ። ኦቦ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ጮኹ፦

«ሱታ! ቀስ በል አንተ! ኦሪጅናል ናት እኮ!»